እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ!

ውድ ደንበኞቻችን፣ 55ቱን ቀን ጾማችሁ ለፋሲካ ለደረሳችሁ ሁሉ መልካም በዓል! የበዓሉን ደስታ ከጎረቤት ጋር ለምትካፈሉ ሙስሊም ደንበኞቻችንም፣ በሥራና በስደት ከቤተሰብ ርቃችሁ ለምትውሉም የበዓሉ ሰላም ይድረሳችሁ።

የምጣድና የምድጃ ሱቅ ነንና በባዶ እጅ አንመኝም። የበዓል ሰሞን ለጥገና ከሚመጡልን ምጣዶች ብዙዎቹ ሶኬታቸው የቀለጠ ነው። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ምጣዱም ለወጡ የተጣደው ምድጃም በአንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰካሉ። ምጣድ ብቻውን ከ3000 ዋት በላይ ይስባል፤ ማከፋፈያው አይችለውም። ምጣዱን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት፤ ሽንኩርቱ እየተቁላላ ከሆነ እንጀራው ይቆይ፣ ወይም ዓርብ ማታ ጋግራችሁ ጨርሱ። ሶኬቱን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ካቃጠላችሁ ወዲያው አጥፉ። መብራት ከሄደ ነቅላችሁ ጠብቁ፣ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ሽቦውን ሊበጥሰው ይችላል። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ አይበል፣ ሸክላው ይሰነጠቃል። (እርጥብ ጨርቅም ያው ነው!)

ቅዳሜ እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ክፍት ነን፤ ጥገና የምንቀበለው ግን እስከ 6 ሰዓት ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን ለእሁድ ማድረስ አንችልም። እሁድ ዝግ ነን። ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እንጠብቃችኋለን።

መልካም ፋሲካ!
የሱቁ ሠራተኞች በሙሉ