ለቡድን መሪነት የተደረገ የውስጥ ዕድገት ቃለ መጠይቅ

የሥራ መደቡ የደንበኞች ቅሬታ ማስተናገጃ ቡድን መሪ ነው። ቡድኑ ስምንት ባለሙያዎች ሲኖሩት ከመካከላቸው ሁለቱ ለመደቡ ተወዳድረዋል። የዛሬዋ ተወዳዳሪ በቡድኑ ውስጥ ለአምስት ዓመት የሠሩ ከፍተኛ ባለሙያ ናቸው። ጠያቂዎቹ የመምሪያው ኃላፊ፣ በሰብሳቢነት፣ እና የሰው ሀብት ባለሙያዋ ናቸው።

ሰብሳቢ፦ እንኳን ደህና መጡ። በየቀኑ የምንገናኝ ሰዎች ዛሬ ጠያቂና ተጠያቂ ሆነን መቀመጣችን ትንሽ ሊከብድ ይችላል። ሥራዎን እናውቃለን፤ የአፈጻጸም ምዘናዎችዎም ከፊታችን አሉ። ነጥብ የምንሰጠው ግን እዚህ በሚነገረው ብቻ ስለሆነ፣ ምንም እንደማናውቅ ቆጥረው ይመልሱልን። ይህን መደብ ለምን ፈለጉት?

ተወዳዳሪ፦ አመሰግናለሁ። ቡድናችን ቅሬታ በፍጥነት ይዘጋል፤ የተዘጋው ግን ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይከፈታል። ደንበኛው ዛሬ መልስ ያገኛል፣ ችግሩን የፈጠረው ክፍል ግን ምን እንዳጠፋ አይሰማም። እኔ በባለሙያነቴ በእጄ ያሉትን ጉዳዮች እስከ ሥር መሠረታቸው ተከታትዬ እፈታለሁ። ባልደረባዬ ጋ ያለው ተመሳሳይ ቅሬታ ግን ከእኔ ጋር ሳይገናኝ ያልፋል። ጉዳዮች ከፈረቃ ወደ ፈረቃ እንዴት እንደሚተላለፉ፣ ተደጋጋሚ ቅሬታ ለማን እንደሚቀርብ መወሰን የሚችለው ቡድን መሪው ነው። የፈለግሁት ለዚያ ነው።

ሰብሳቢ፦ መሪው ፈቃድ ሲወጣ እርስዎ ነበሩ የሚወከሉት። ታዲያ አዲስ ነገር ምኑ ላይ ነው?

ተወዳዳሪ፦ በውክልና ጉዳይ አከፋፍያለሁ፣ ዕለታዊ ሪፖርት አቅርቤያለሁ። የማንንም ምዘና አልሞላሁም፣ የማንንም የዓመት ፈቃድ አልከለከልሁም። ሁሉም ሰው መሪው እንደሚመለስ ያውቅ ስለነበር ቅር ቢለው እንኳ ይታገሠኝ ነበር። ስለዚህ ውክልናው ሥራውን አሳይቶኛል፤ በባልደረቦቼ ላይ ሥልጣን መያዝ ምን እንደሚመስል ግን አላሳየኝም።

የሰው ሀብት ባለሙያ፦ እሺ፣ ሹመቱ ሰኞ ጠዋት ተነገረ እንበል። የመጀመሪያው ሳምንት እንዴት ያልፋል?

ተወዳዳሪ፦ በመጀመሪያ ሹመቱን የመምሪያው ኃላፊ ራሳቸው በቡድኑ ፊት እንዲናገሩ እጠይቃለሁ፤ የተሰጠኝን ሥልጣን ጭምር። ከዚያ ባልደረቦቼን ሰብስቤ የሚለወጠውን በራሴ አንደበት እነግራቸዋለሁ። «ከዛሬ ጀምሮ ፈቃዳችሁን የማጸድቀው፣ ፈረቃ የምደለድለው፣ ምዘናችሁን የምጽፈው እኔ ነኝ» ብዬ በግልጽ። ይህን ሳልናገር እንደ ድሮው ሆኜ ለመቆየት ብሞክር፣ የመጀመሪያው የፈቃድ ጥያቄ ሲመጣ ሁላችንም እንደነግጣለን።

በዚያው ሳምንት እያንዳንዱን ለብቻው አነጋግራለሁ። ሥራህን ምን ያዘገየዋል? ከእኔ ምን ትጠብቃለህ? በዚህ ሹመት የሚያሰጋህ ነገር አለ? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ብዙዎቹ ዝም እንደሚሉ እገምታለሁ፤ ቢሆንም እጠይቀዋለሁ፣ ከወር በኋላም ደግሜ እጠይቀዋለሁ። በእጄ ያሉ ክፍት ጉዳዮችንም አስረክባለሁ። ከባዶቹን ለሌላ አሸክሜ ቀላሎቹን ለራሴ ባስቀር ቡድኑ በአንድ ቀን ያውቀዋል። አሠራር ግን በዚያ ሳምንት አልለውጥም።

የሰው ሀብት ባለሙያ፦ በቡድኑ ውስጥ የቅርብ ጓደኛ እንዳለዎት ሁሉም ያውቃል። የመግቢያ ሰዓት አለማክበሩም በመዝገብ የታየ ነው። ምን ያደርጋሉ?

ሰብሳቢ፦ በወሬ ከምንሰማው በተግባር ብናየው ይሻላል። እኔ ጓደኛዎ ነኝ እንበል፤ በሳምንቱ ለሦስተኛ ጊዜ አርፍጄ ጠርተውኛል። ይጀምሩ።

ተወዳዳሪ፦ እሺ። «ተቀመጥ። በዚህ ሳምንት ሦስት ቀን ከፈረቃህ መጀመሪያ በኋላ ነው የገባኸው። ዛሬ አንተን ሲጠብቁ የነበሩ ስልኮች ለሁለት ሰዎች ተላልፈዋል። ምን ገጥሞህ ነው?»

ሰብሳቢ፦ «ምነው አንቺ? ሳረፍድ ስልኬን ስታነሽልኝ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ወንበር ላይ ስትወጪ ነው እንዴ ሰዓት መቁጠር የጀመርሽው?»

ተወዳዳሪ፦ «አነሳልህ ነበር። ያን ጊዜ የምሰጥህ የራሴን ጊዜ ነው። አሁን ዝም ብልህ የምሰጥህ የሌሎቹን ስድስት ሰዎች ጊዜ ይሆናል፤ እነርሱ ደግሞ አልፈቀዱልኝም።»

ሰብሳቢ፦ «ቤቴ ውስጥ ያለውን ችግር እያወቅሽ?»

ተወዳዳሪ፦ «አውቃለሁ፣ በጓደኝነት ነው የነገርኸኝ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ አላመጣውም፤ አንተን ለመጥቀምም ለመጉዳትም። የፈረቃ ለውጥ የሚያስፈልግህ ከሆነ ግን ጥያቄውን ዛሬ አቅርብልኝ። ለማንኛውም ሰው እንደማየው አየዋለሁ፣ የሚቻል ከሆነም እፈቅዳለሁ። እስከዚያ ድረስ ፈረቃህ በተጻፈበት ሰዓት ይጀምራል። ይህን ንግግራችንን በማስታወሻ እይዘዋለሁ፤ የጻፍኩትንም ታየዋለህ።»

ሰብሳቢ፦ «ጓደኝነታችን አበቃ ማለት ነው?»

ተወዳዳሪ፦ «እኔ አላበቃሁትም። ከሥራ በኋላ እንደ ድሮው ብንገናኝ ደስ ይለኛል። ስለ ቡድኑ ሰዎች ግን ካሁን በኋላ አብረን አናወራም። ይህ እንደሚከብድህ አውቃለሁ፣ እኔንም ይከብደኛል።»

ሰብሳቢ፦ ይበቃል፣ አመሰግናለሁ።

የሰው ሀብት ባለሙያ፦ ማርፈዱ ቢቀጥልስ?

ተወዳዳሪ፦ የመሥሪያ ቤቱ የዲሲፕሊን ደንብ ደረጃዎች አሉት፤ ከቃል ማስጠንቀቂያ ወደ ጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ለማንም የማልዘለውን ደረጃ ለእርሱም አልዘልም፤ ጥብቅ መሆኔን ለማሳየት ብዬም አላፋጥንበትም። ሰዎች አድልዎ ሲባል ለጓደኛ ማድላት ብቻ ይመስላቸዋል። ራስን ከሐሜት ለማዳን ጓደኛን ከሌላው አብልጦ መቅጣትም አድልዎ ነው። ለዚህ ነው አንድ ጥያቄ ያለኝ፦ የእርሱን ምዘና ስሞላ፣ ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት፣ ሌላ ኃላፊ ከማስረጃው ጋር አመሳክሮ እንዲያየው እፈልጋለሁ። ቅርበታችንንም ከሹመቱ በፊት በጽሑፍ አሳውቃለሁ።

ሰብሳቢ፦ ለዚሁ መደብ ከእርስዎ ጋር የተወዳደረ ባልደረባ አለ። እርስዎ ቢመረጡ በማግስቱ የእርሱ አለቃ ነዎት።

ተወዳዳሪ፦ ከሁሉም በላይ ያሰብኩበት ይህን ነው። በመጀመሪያው ቀን ለብቻችን እንነጋገራለን። ላጽናናው አልሞክርም፤ ያሸነፈ ሰው የሚሰጠው ማጽናኛ ደስ አይልም። «መደቡን ፈልገኸው እንደነበር አውቃለሁ። ቅር ብትሰኝ እረዳለሁ፤ ጊዜ ውሰድ» እለዋለሁ። ከዚያ ስለ ሥራ እናወራለን። እርሱ ከእኔ የሚበልጥበት ነገር አለ፤ የቅሬታ መረጃን ተንትኖ አዝማሚያውን ማውጣት ማንም እንደ እርሱ አይችልበትም። ተደጋጋሚ ቅሬታዎችን ለሌሎች ክፍሎች የሚያቀርበውን ሥራ በባለቤትነት እንዲይዝ እጠይቀዋለሁ፤ በስብሰባውም የሚያቀርበው ራሱ ነው። ይህን የማደርገው ዝም ለማሰኘት ብዬ አይደለም፤ ሥራው የእርሱን እጅ ስለሚፈልግ ነው። እምቢ ቢል መብቱ ነው። መደበኛ ሥራውን ካጓተተ ወይም ሌሎችን ካሳደመ ግን ያየሁትን ድርጊት ጠቅሼ እነግረዋለሁ። «ተከፍተህ ነው» ብዬ ልቡን አልተረጉምለትም።

የሰው ሀብት ባለሙያ፦ ሥራውን ያስተማሩዎት አንጋፋ ባለሙያም እዚያው ቡድን ውስጥ ናቸው።

ተወዳዳሪ፦ አዎ፣ ዛሬም አንቱ ነው የምላቸው፤ እንደዚያው ይቀጥላል። አክብሮቴ ግን ስህተታቸውን ከመናገር አያግደኝም፤ እርሳቸውም በዚህ ዓይነት ነው ያስተማሩኝ። በሰው ፊት አላርማቸውም። ነገሩ ለእርሳቸው ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም እንደዚያው ነው።

ሰብሳቢ፦ አሁን በግልጽ ይንገሩኝ። ከስምንታችሁ መካከል በጣም ደካማው ማን ነው?

ተወዳዳሪ፦ ይቅርታዎን፣ ስም አልጠራም።

ሰብሳቢ፦ መሪ ለመሆን እየተወዳደሩ ነው። ሰው መመዘን ሥራዎ ይሆናል።

ተወዳዳሪ፦ ሲሆን እመዝናለሁ፤ የእያንዳንዱን መዝገብ አይቼ፣ ራሱንም ጠይቄ። ዛሬ ግን የማውቀው ከጎን ሆኜ ያየሁትን ነው፤ አንዳንዱንም በመተማመን የነገሩኝ ነው። ይህን አውጥቼ ነጥብ ባገኝበት፣ ነገ ፊታቸው ቆሜ «የምትነግሩኝ ከእኔ አያልፍም» ማለት አልችልም። የሥራውን ድክመት ግን ልንገርዎ። የማታው ፈረቃ ለጠዋቱ ሲያስረክብ ማስታወሻው ጉዳዩ የት እንደደረሰ አያሳይም፤ ስለዚህ ደንበኛው ታሪኩን እንደገና ይናገራል። እዚያ ላይ ሁላችንም ደካሞች ነን፤ እኔም ጭምር።

የሰው ሀብት ባለሙያ፦ የፈረቃ ድልድል ዘግይቶ ይወጣል ብላችሁ በጋራ ቅሬታ አቅርባችሁ ነበር። እርስዎም ፈርመዋል።

ተወዳዳሪ፦ ፈርሜያለሁ፤ ዛሬም ትክክል ነበር እላለሁ። ድልድሉ ፈረቃው ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት በፊት እንዲወጣ አደርጋለሁ፣ ከባዶቹ ፈረቃዎችም በተራ ይዞራሉ። አስተዳደሩ የወሰነውን የማልስማማበት ነገር ሲኖር ለእናንተ በግልጽ እከራከራለሁ። ከተወሰነ በኋላ ግን ለቡድኑ «እኔ የለሁበትም፣ ከላይ የመጣ ነው» ብዬ አልሸሽም፤ ምክንያቱን አስረድቼ አስፈጽማለሁ።

የሰው ሀብት ባለሙያ፦ ባይመረጡስ?

ተወዳዳሪ፦ ይከፋኛል። ከዚያ የጎደለኝን እንድትነግሩኝ እጠይቃለሁ። አዲሱ መሪ ባልደረባዬ ከሆነ በሰው ፊት የሚያሳጣው ነገር ከእኔ አይሰማም። የተለየ ሐሳብ ካለኝም ለእርሱ ለብቻው እነግረዋለሁ።

ሰብሳቢ፦ እኛን የሚጠይቁን አለ?

ተወዳዳሪ፦ ሁለት ነገር። ቡድኑ ውስጥ ያለ ሰው በውሳኔዬ ቅር ተሰኝቶ በቀጥታ ወደ እርስዎ ቢመጣ ምን ያደርጋሉ? ለዓመታት በርዎ ክፍት ነበር፤ እንዲዘጋም አልፈልግም።

ሰብሳቢ፦ በመጀመሪያ ከእርስዎ ጋር ተነጋግሮ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ካልተነጋገረ ወደ እርስዎ እመልሰዋለሁ። ተነጋግረው ካልተስማሙ ሁለታችሁንም አንድ ላይ እሰማለሁ። ቅሬታው የበደል ወይም የደንብ ጥሰት ከሆነ ግን እርስዎን ሳላሳልፍ እቀበለዋለሁ።

ተወዳዳሪ፦ ይህ ተገቢ ነው። ሁለተኛው፣ ውጤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከመለጠፉ በፊት ያልተመረጠው ሰው ከእናንተ አንደበት ይሰማ ይሆን? እኔም ብሆን እርሱ።

የሰው ሀብት ባለሙያ፦ እስከ ዛሬ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ነበር የምናሳውቀው።

ሰብሳቢ፦ በዚህኛው ለየብቻ እንናገራለን። ዓርብ ጠዋት ሁለታችሁንም እጠራችኋለሁ፤ ማስታወቂያው ከሰዓት በኋላ ይወጣል። ይመዝገብ።

የሰው ሀብት ባለሙያ፦ መዝግቤዋለሁ።