ስለ እሑዱ ንግግር ከከተማችን የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ የተሰጠ መግለጫ

ለከተማችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

እሑድ ኅዳር 8 ቀን ከጉባኤያችን አባላት አንዱ በአንድ የምረቃ ዝግጅት ላይ ሲናገሩ የጎረቤቶቻችንን የቀብር ሥርዓትና ሐዘን የሚያንቋሽሽ ቃል ከአፋቸው ወጥቷል። ቪዲዮው ከዚያው ምሽት ጀምሮ በቴሌግራም እየተዘዋወረ ነው። ቃሉን እዚህ አንደግመውም። የሰሙት ታመውበታል፤ ያልሰሙት ባይሰሙት ይሻላል።

ንግግሩ የጉባኤው አቋም አይደለም። ጉባኤው አልመከረበትም፤ እንዲህ በሉልን ብሎም አልላካቸውም። አንዳንዶች "ተቆርጦ ነው" ሲሉ ስለሰማን ሙሉውን ቪዲዮ ቁጭ ብለን አይተነዋል። ከፊትና ከኋላው ያለው ሲሰማም ቃሉ ያው ስህተት ነው። የተከፋችሁ ሁሉ መከፋታችሁ ልክ ነው፤ በመካከላችን ይህ በመባሉ ይቅርታ እንጠይቃለን።

እኛ ወሎዎች ነን። ቅሬያችን አንድ፣ ድንኳናችንም አንድ ነው። ሙስሊም ሲያርፍ ቀብሩ አይዘገይምና ክርስቲያኑ ጎረቤት ዶማውን ይዞ ቀድሞ ይደርሳል። ክርስቲያን ሲያርፍ ሙስሊሟ እናት ንፍሮውን ቀቅላ፣ ጀበናዋን ይዛ ከለቀስተኛው ጋር ታመሻለች። ለተዝካር ሲደገስ ለሙስሊሙ እንግዳ ለብቻው ይታረዳል፣ ድስቱም ለብቻው ይጣዳል። ይሄ ሁሉ ማንም አዞን አይደለም፤ እናቶቻችን ሲያደርጉት እያየን ያደግንበት ነው። የእሑዱ ቃል የነካው ይሄንን ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልንም።

የተናገሩት ሰው ወንድማችን ናቸው፤ ዛሬም ወንድማችን ናቸው። ማክሰኞ ጠራናቸው፣ መጡ። የተሰማንን ፊት ለፊት ነገርናቸው፣ እስከ መጨረሻው አዳመጡን። ውይይታችን እስኪያልቅ በጉባኤው ስም መድረክ ላይ እንዳይናገሩ ተስማምተናል። ስለ ራሳቸው የሚሉትን ራሳቸው ይናገሩ፤ እኛ በእሳቸው አፍ አንናገርም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ልጃቸው ትምህርት ቤት ውስጥ ተሰድቦ እያለቀሰ ቤቱ እንደገባ ሰምተናል። ልጁ ምን አደረገ? ወላጆች፣ እባካችሁ ልጆቻችሁን ተቆጡ። በእሳቸው ላይም ሆነ በቤተሰባቸው ላይ ስድብና ዛቻ የምትጽፉ፣ ስለተበደሉት ብላችሁ ከሆነ ተዉት። የተበደሉትም ይህን አልጠየቁም።

ወጣቶች ደግሞ ቪዲዮውን አጥፉት፣ ለሌላ ሰው አትላኩት። የጥላቻ ንግግርን ማሰራጨት በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሊያስጠይቅ እንደሚችልም እወቁ። ከሕጉ በፊት ግን ሰሞኑን ሰው የሞተባቸው ጎረቤቶች እንዳሉን አስቡ። ስልካቸው ላይ ይህ ሲደርሳቸው ምን ይሰማቸዋል?

ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ የጉባኤው አባላት በሙሉ በቅሬው ቤት እንገኛለን። ቅር ያለው ሁሉ መጥቶ ይንገረን። የምንመጣው ለመስማት ነው።

የከተማው የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ሥራ አስፈጻሚ
ደቡብ ወሎ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.