ያኛው አይደለም ጋሼ፣ ሌላኛው ነው

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበቱ?

በማረፊያ ቤታችን ግድግዳ ላይ ለሚሰቀለው ፎቶ ትናንት ማታ የላኩልኝን ናሙና ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን ወደ ብርሃን አዙራ ትንሽ ከቆየች በኋላ «ይሄ አይደለም፤ ያኛው ነው» አለች። ባለፈው ሳምንት የጎንደሩን የኢያሱ ግንብ ሠርተው ሲልኩልንም ያለችው ይህንኑ ነበር። እኔ ደግሞ «ያኛው» ያለችውን የትኛው እንደሆነ ሳልጠይቅ እንደ ወረደ ወደ እርስዎ አሳለፍሁት። ሰባት ፎቶ ለላከ ሰው «ያኛው» ማለት ስድስት ቦታ ማመልከት ነው። ጥፋቱ ከእኛ ቤት ነውና ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ዛሬ ጠዋት ቡና እየተፈላ ከጎኗ ተቀምጬ አንድ በአንድ ጠየቅኋት። ነገሩ እንዴት እንደተጣመመ ያኔ ገባኝ።

እርስዎ ሰኞ አራት ፎቶ ላኩልን፤ ሐሙስ ሦስት ጨመሩ። ቅዳሜ ደግሞ ሰባቱን በአንድ ላይ፣ ግን በሌላ ቅደም ተከተል መልሰው ላኩ። እኔ «ሁለተኛውን» ብዬ የጻፍሁልዎት የቅዳሜውን አይቼ ነው። እርስዎ የያዙት የሰኞውን ነው፤ የሰኞው ሁለተኛ የኢያሱ ግንብ ስለሆነ እሱን ሠሩ። ይህ እንኳ ቀላል ነበር። የባሰው እናቴ ስልክ ላይ ፎቶ የምትቆጥረው ከታች ወደ ላይ መሆኑ ነው። የመጨረሻው የገባ ለእሷ አንደኛ ነው። ስለዚህ «ሁለተኛው» ያለችው ለእኔም ለእርስዎም ሁለተኛ ያልሆነውን፣ ከመጨረሻው አንድ ቀድሞ ያለውን ነበር።

ከዚያ ስልክ ስደውልልዎ ላብራራ ብዬ «ጥምቀቱን ነው የምትለው» አልሁ። እርስዎም የጥምቀት በዓልን ፎቶ ሠሩ፤ ወጣቶቹ ከተባረከው ውሃ ውስጥ ሲዘሉ፣ ነጠላው በውሃ ርሶ፣ ካህናቱ ከነጥላቸው ከወዲያ ማዶ ቆመው የሚታዩበትን። ያማረ ፎቶ ነው፤ ማንም ቢሆን የሚረዳው እንደዚያ ነው። ነገር ግን እናቴ «ጥምቀቱ» ስትል በዓሉን ሳይሆን ቦታውን ማለቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው ከጥምቀተ ባሕሩ አቅራቢያ ነው፤ ለእሷ «ወደ ጥምቀቱ ሄድሁ» ማለት ሰኔም ይሁን ኅዳር በዚያ ቅጥር በኩል አለፍሁ ማለት ነው። እኔ ልጇ ሆኜ ይህን አለማስታወሴ ያሳፍራል።

እንግዲህ የምትፈልገው ይኸውልዎ። ሐሙስ ከላኳቸው ሦስት ፎቶዎች ውስጥ ሁለቱ የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ናቸው፤ በሁለቱም ባሕሩ ደርቋል፣ በሁለቱም ሰው የለም። እባክዎ እዚህ ላይ እንደገና እንዳንሳሳት፦ አንደኛው ከፊት ለፊት የተነሣ ነው። ባለ ሁለት ፎቁ ግንብ ከመሐል ቆሞ፣ ወደ እሱ የሚያሻግረው የድንጋይ ድልድይና ከሥሩ ያሉት ቅስቶች ጥርት ብለው ይታያሉ። ያ አይደለም። ለፖስት ካርድ ይሆናል ብላለች፤ ይህ ከአፏ ሲወጣ ሙገሳ አይደለም።

ሌላኛው ነው። ከቅጥሩ ማዕዘን ቆመው ያነሡት፣ የዛፉ ሥር ግማሹን ፎቶ የሞላበት። ሥሮቹ ከቅጥሩ አናት ወርደው ድንጋዩን እንደ ጣት ጨብጠውታል፤ ግንቡ ራሱ በስተ ቀኝ ራቅ ብሎ፣ ከቅርንጫፎቹ በስተጀርባ በከፊል ነው የሚታየው። በስተ ግራ ከታች ድንጋዩ ላይ የፀሐይ ብርሃን አርፏል። መለያው ይህ ነው፦ ሥሩ ቅርብ፣ ግንቡ ሩቅ። ግንቡ ከመሐል ከሆነ ተሳስተናል ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር እኔ ብሆን የመጀመሪያውን፣ የኢያሱን ግንብ አልለውጥም ነበር። ያ ኮርቻ የመሰለ አናቱ፣ ጣሪያ አልባው ግድግዳ ላይ ሰማዩ ሲገባ ያነሡበት ሰዓት ድንቅ ነው። አክስቴ ደግሞ «ውሃ የሌለው ባሕር ለእንግዳ ምን ይመስላል? ጥምቀት ሳይደርስ የመጣ ሰው ደርቆ ያየዋል፤ ገንዘብ ከፍሎ ያደረ ደግሞ ግድግዳ ላይ ደግሞ ሊያየው ነው?» ብላ ተከራክራለች። እናቴ የመለሰችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ውሃው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ሥሩ ሁልጊዜ አለ።» ቤቱም ሥዕሉ የሚሰቀልበት ግድግዳም የእሷ ስለሆነ ክርክሩ እዚያው ላይ አበቃ።

መጠኑ እንደ ተነጋገርነው ይሁን፤ ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር፣ በሸራ ላይ። አንድ ነገር ግን ላስቸግርዎ፦ ፎቶው ሲሰፋ ከግራ በኩል እንዳይቆረጥ። ብርሃን ያረፈበት ድንጋይ ከወጣ እናቴ ወዲያው ታውቀዋለች፤ ያኔ ሦስተኛ «ይሄ አይደለም» ልንሰማ ነው።

ከሥሩ የሚገባውን ጽሑፍ በተመለከተም፣ በናሙናው ላይ «ጎንደር፣ 1636» ብለዋል። ከተማዋ የተቆረቆረችበት ዓመት መሆኑ ልክ ነው፤ ግን ያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የእኛ ሰው አይቶ በእኛ ይቆጥረዋል፣ የውጭ እንግዳ በእሱ ይቆጥረዋል፣ እንግዳ መቀበያው ላይ በየቀኑ ሙግት ይነሣል። ደግሞም ፎቶው የጥምቀተ ባሕሩ ነው እንጂ የከተማዋ አመሠራረት አይደለም። ዓመቱ ይቅርና «የፋሲል ጥምቀተ ባሕር» ብቻ ይጻፍ፤ በትንሽ ፊደል፣ ከቀኝ በኩል።

አሁን ከማተምዎ በፊት እንዲህ ብናደርግስ? የሐሙሱን የሥር ፎቶ ብቻ በቴሌግራም ይላኩልኝ፤ ግን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል። እንደ ፎቶ ሲላክ ካሜራው የሰጠውን ስም ይጥለዋል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን `IMG` ብሎ የሚጀምረው ስም ከነቁጥሩ አብሮ ይመጣል። ለእናቴ አሳይቼ «አዎን» ካለች ያንኑ ስም ገልብጬ እመልስልዎታለሁ። ስሙ ተጽፎ ካልደረሰዎት አይጀምሩ። «እሺ» ብዬ ብቻ ብጽፍም አይጀምሩ፤ የትኛውን እሺ እንዳልሁ ማን ያውቃል።

የጥምቀቱን ናሙና በወረቀት አትመውት ከሆነ ዋጋውን ከሒሳቡ ላይ ይጨምሩ፤ እንዲሁ እንዲቀርብዎ አንፈልግም። አክስቴ ለራሷ ቤት ወስዳዋለች ማለት ይቻላል፤ ሳይደርሳት ቦታ አዘጋጅታለች። የኢያሱን ግንብ ግን ለእኔ ያስቀምጡልኝ፣ መጥቼ እወስደዋለሁ።

እንግዶች መግባት የሚጀምሩት ጥር 8 ነው። ሸራው እስከ ጥር 5 ከደረሰልን ፍሬሙን የሚሠራው ሰው በሁለት ቀን እጨርሳለሁ ብሏል። ከዚያ ቢዘገይም አንቆጣም፤ ጊዜውን የፈጀነው እኛ ነን።

እናቴ «መንገድ ሲያልፍ ጎራ ብሎ ቡና ይጠጣ፤ ግድግዳውንም በዓይኑ ይየው» ብላለች። ቢመጡ ደስ ይለናል፤ ስልኩንም ከእጇ ተቀብለው ራሷ በጣቷ ብታሳይዎ ከእኔ ጽሑፍ ሁሉ ይሻላል።

በአክብሮት፣
የማረፊያ ቤቱ ልጅ