የወባ የሕይወት ዑደት፣ ለሐሙሱ የፓራሲቶሎጂ ፋይናል

ሚድ ላይ ከወባ ክፍል ከ10 አራት ነው ያመጣሁት። ያውም ሌሊቱን ሙሉ ስቸክል አድሬ! ስሞቹን እንደ ፊደል ገበታ ሸመደድኳቸው፣ ፈተናው ላይ ስፖሮዞይትና ሜሮዞይት ተደባለቁብኝ፣ አለቀ። ስለዚህ ይህን ማስታወሻ በሌላ መንገድ ጻፍኩት። በየደረጃው ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ የት ገባ? በምን ስም ገባ? ምን ሆኖ፣ ስንት ሆኖ ወጣ?

መጀመሪያ ግን ብዙ ሰው የሚወድቅበትን እንጨርስ። ዴፊኒቲቭ ሆስት ማን ናት? ትንኟ! ሰው አይደለም። ፆታዊ መራባት የሚካሄደው እሷ ሆድ ውስጥ ነውና። ሰው ኢንተርሚዲየት ሆስት ነው፤ እኛ ውስጥ ያለው ሺዞጎኒ የሚባለው ፆታ የሌለው መባዛት ነው። እኛ ስለምንታመም ዋናዎቹ እኛ እንመስላለን እንጂ ለፕላስሞዲየም መሸጋገሪያ ነን።

ጉበት

ደም የምትመጠው ሴቷ አኖፊለስ ብቻ ናት፤ የእኛ አገር ዋናዋ አስተላላፊ አኖፊለስ አራቢየንሲስ ትባላለች። ስትነክስ ከምራቋ ጋር ስፖሮዞይት ቆዳ ውስጥ ትተዋለች። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ መቶ እንኳ አይሞሉም። ከቆዳ ወደ ደም ሥር ይገባሉ፤ ደም ውስጥ የገቡት በ30 ደቂቃ ገደማ ጉበት ደርሰው ሄፓቶሳይት ውስጥ ይደበቃሉ። እዚያ አንዱ ስፖሮዞይት ሺዞንት ሆኖ ያብጥና ሲፈነዳ፣ በፋልሲፓረም ከሆነ፣ እስከ 30 ሺህ ሜሮዞይት ይለቃል። አንድ ገብቶ 30 ሺህ መውጣቱ ነው ጉዱ! ጊዜው ለፋልሲፓረም ከ5 እስከ 7 ቀን፣ ለቫይቫክስ 8 ቀን ገደማ፣ ለማላሪየ ደግሞ 2 ሳምንት ያህል ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰውየው ምንም አይሰማውም፤ ደሙን ብታዩም ባዶ ነው። «በሽተኛው ትናንት ተነከሰ፣ ስላይዱ ኔጌቲቭ ነው፣ ለምን?» ከተባላችሁ መልሱ ይኸው ነው።

አሁን ሂፕኖዞይት። ቫይቫክስና ኦቫሌ ጉበት ውስጥ የሚያስተኙት ዘር አላቸው። አንዳንዱ ስፖሮዞይት ወዲያው አይባዛም፣ ይተኛል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነቅቶ በሽታውን እንደገና ይቀሰቅሳል። ይህ ሪላፕስ ነው። ፋልሲፓረምና ማላሪየ ግን የሚተኛ ነገር የላቸውም። እነሱ ተመልሰው ከመጡ ደም ውስጥ ሳይጸዱ የቀሩት ናቸው የበዙት፤ ስሙም ሪክሩደሰንስ ነው። ሚድ ላይ የቆረጠኝ ይህ ነው፣ ሁለቱን አገላበጥኳቸው። ከጉበት የመጣ ሪላፕስ፣ ከደም የመጣ ሪክሩደሰንስ። ለቫይቫክስ በሽተኛ የደሙን የሚገድል መድኃኒት ብቻ ሰጥተን የማንበቃውም ለዚህ ነው። የተኛውን የሚገድለው ፕሪማኩዊን ነው፤ እሱ ደግሞ የጂ ስድስት ፒ ዲ ኤንዛይም እጥረት ያለበትን ሰው ቀይ የደም ሴል ሊያፈርስ ስለሚችል ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ደም

ሜሮዞይት ቀይ የደም ሴል ውስጥ ይገባል። ስሙን ልብ በሉ፦ ጉበት የሚገባው ስፖሮዞይት ነው፣ ቀይ ሴል የሚገባው ሜሮዞይት ነው። ሲገባ መጀመሪያ ቀለበት ይመስላል፣ ከዚያ ሄሞግሎቢን እየበላ የሚያድግ ትሮፎዞይት ይሆናል፣ ቀጥሎ ኒውክለሱ ተከፋፍሎ ሺዞንት፣ በመጨረሻም ሴሉን አፈንድቶ አዲስ ሜሮዞይት። ከበላው የሚተርፈው ቡናማ ቀለም ሄሞዞይን ይባላል። ብርድ ብርድ የሚለውና ትኩሳቱ የሚመጣው ሴሎቹ ሲፈነዱ ነው። ለፋልሲፓረም፣ ለቫይቫክስና ለኦቫሌ በ48 ሰዓት፣ ለማላሪየ በ72፣ ለኖውለሲ በ24። በእውነቱ ግን የፋልሲፓረም በሽተኛ ትኩሳት ብዙ ጊዜ ሰዓት አያከብርም።

የሴል ምርጫቸውም ይለያያል። ቫይቫክስ ለጋውን ቀይ ሴል፣ ሬቲኩሎሳይትን፣ ይወዳል። ማላሪየ ያረጀውን። ፋልሲፓረም አይመርጥም፣ ያገኘውን ሁሉ ይገባበታል፤ የጥገኛው ቁጥር ሰማይ የሚነካውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ስላይድ ላይ ለሚጠይቁን፦ ፋልሲፓረም ካደገ በኋላ ያለበት ሴል ከትናንሽ የደም ሥሮች ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ከጣት በተወሰደ ደም ላይ በአብዛኛው የምናየው ስስ ቀለበቶችንና የሙዝ ቅርጽ ያለው ጋሜቶሳይትን ብቻ ነው። አንድ ሴል ውስጥ ሁለት ቀለበት ካያችሁም መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። መጣበቁ አንጎል ውስጥ ሲሆን ነው ሴሬብራል ማላሪያ የሚመጣው። ቫይቫክስ ግን ሁሉንም ደረጃ ያሳያል፣ ሴሉ ያብጣል፣ የሹፍነር ነጠብጣብ አለው። የማላሪየን ሺዞንት በጽጌረዳ ቅርጹ፣ ትሮፎዞይቱን ሴሉን አቋርጦ እንደ መቀነት በመዘርጋቱ ትለዩታላችሁ።

ከሜሮዞይቶቹ ጥቂቶቹ መባዛቱን ትተው ወንድና ሴት ጋሜቶሳይት ይሆናሉ። እነዚህ ሰውየውን አያሳምሙትም፤ ሥራቸው ትንኝ መጠበቅ ነው። የሚቀጥለው ዑደት የተንጠለጠለው በእነሱ ላይ ነው።

ትንኝ

ትንኟ ደም ስትመጥ ሁሉም ደረጃ ሆዷ ይገባል፣ ግን ከጋሜቶሳይቱ በቀር ሁሉም ይፈጫል። ከሰው ደም ወደ ቀዝቃዛው ሆዷ ሲገባ ወንዱ ይነቃል፤ በ15 ደቂቃ ገደማ 8 ጭራ መሳይ ማይክሮጋሜት ይረጫል። ኤክስፍላጄሌሽን ማለት ይህ ነው። ላቨራን በ1880 አልጄሪያ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ሲወራጭ አይቶ «ይህ ሕይወት ያለው ነው» እንዲል ያደረገው እሱ ነው። ሴቷ አንድ ማክሮጋሜት ብቻ ትሆናለች።

ሁለቱ ሲዋሃዱ ዛይጎት። በዑደቱ ሁሉ ዲፕሎይድ የሆነው ይህ አጭር ክፍል ብቻ ነው፣ ሚዮሲስም እዚህ ነው። ዛይጎቱ በአንድ ቀን ውስጥ የሚንቀሳቀስ ኡኪኔት ሆኖ የሆዷን ግድግዳ ይበሳል፣ በውጭ በኩል ተለጥፎ ኡሲስት ይሆናል። አንዱ ኡሲስት ሲፈነዳ በሺህ የሚቆጠር ስፖሮዞይት ይወጣል፣ ወደ ምራቅ እጢዋ ይጓዛል። ሮስ በ1897 ሕንድ ውስጥ የትንኝ ሆድ ቀዶ ያያቸው እነዚህን ኡሲስቶች ነው።

ትንኝ ውስጥ ያለው ጊዜ ከ10 እስከ 18 ቀን ይፈጃል፣ ሙቀት ይወስነዋል። ሲሞቅ ያጥራል፣ ሲቀዘቅዝ ይረዝማል፤ ከ18 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ፋልሲፓረም ሳይጨርስ ትንኟ ትሞታለች ማለት ይቻላል። ወባ የቆላ በሽታ የሆነው፣ ደጋው የተረፈው በዚህ ስሌት ነው። ማብራሪያ ጥያቄ ከመጣ ይህን አስገቡ፣ ነጥብ አለው።

መምህሩ የሚወዱትን አንድ ጥያቄ ልጨምር። አንድ ሰው በደም ልገሳ ቫይቫክስ ያዘው። ሪላፕስ ይኖረዋል? አይኖረውም! የገባለት ስፖሮዞይት ሳይሆን የደም ደረጃው ነው፣ ያ ደግሞ ወደ ጉበት አይመለስም። ጉበት ካልገባ የሚተኛ ሂፕኖዞይት የለም፣ ለሱ ተብሎ የሚሰጥ ፕሪማኩዊንም አያስፈልገውም። የት ገባ፣ በምን ስም ገባ ብላችሁ ብትጠይቁ ራሳችሁ ትደርሱበት ነበር።