ለሥራ አስኪያጅ የቀረበ የቅሬታ ደብዳቤ ማጠቃለያ፦ ዋስትና የተከለከለው ልብስ ማጠቢያ ማሽን

ደንበኛዋ ከእኛ የገዙት ልብስ ማጠቢያ ማሽን በ4 ወሩ ተበላሽቷል፤ ጥፋቱ የራሳችሁ ባለሙያዎች ስለሆነ በአዲስ ቀይሩልኝ ይላሉ። ማሽኑን ቤታቸው አድርሰን የገጠምነው እኛ ነን። የገጠማ ክፍያም ተቀብለናል፤ ደረሰኙ ከደብዳቤው ጋር ተያይዟል። እንደ አቤቱታቸው ከሆነ ማሽኑ ከመጀመሪያው እጥበት ጀምሮ ልብስ ሊጨምቅ ሲሽከረከር ከቦታው እየተነሳ ይዘል ነበር። ደውለው ሲያመለክቱ «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ቆይቶ ይተዋል» ተባሉ። (ይህችን መልስ ደብዳቤው ውስጥ ደጋግመው አንስተዋታል፤ በጣም ነው ያናደደቻቸው።) በኋላ ከበሮው ሲንኳኳና ከሥሩ ውሃ ሲያንጠባጥብ ቴክኒሻን ላክን፤ እሱም ከጀርባው ያሉት አራቱም የማጓጓዣ ብሎኖች እንዳልተፈቱ አገኘ። ብሎኖቹ ማሽኑ በመንገድ ላይ ሲጓዝ ከበሮው እንዳይንገላታ አስረው የሚይዙ ናቸው። ማሽኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የግድ መውጣት አለባቸው፤ ካልወጡ ከበሮው በነፃነት መወዛወዝ ስለማይችል ንዝረቱ በሙሉ በማሽኑ አካልና በኩሽኔታው ላይ ያርፋል። ቴክኒሻኑ ያየውን በጥገና ወረቀቱ ላይ ጽፎ ፈርሟል፤ ቅጂው በደንበኛዋ እጅ አለ። ይህ ሁሉ እያለ የዋስትና ክፍላችን «ዋስትናው የፋብሪካ ጉድለትን እንጂ የገጠማ ስህተትን አይሸፍንም» ብሎ የጥገናውን ወጪ ራሳቸው እንዲችሉ ነገራቸው። ዋናው ቅሬታ እዚህ ላይ ነው፤ ከማሽኑ መበላሸት ይበልጥ ያስቆጣቸው ለእኛ ስህተት እሳቸው ይክፈሉ መባላቸው ነው። የሚጠይቁት ተመሳሳይ ሞዴል አዲስ ማሽን በትክክል ተገጥሞ እንዲሰጣቸው፣ ሞዴሉ ከሌለ ደግሞ የከፈሉት ገንዘብ በሙሉ እንዲመለስላቸው ነው። የገጠማ ክፍያው በሁለቱም መንገድ እንዲመለስ፣ አሮጌውንም በራሳችን ወጪ እንድናነሳ ይፈልጋሉ። ጥገናም ሆነ የቅናሽ ኩፖን አይቀበሉም፤ ይህን ያህል የተናጠ ማሽን ቢጠገንም አላምነውም ብለዋል። የወለላቸው ሴራሚክ መሰንጠቁንም ጠቅሰዋል፤ ለጊዜው ካሳ አልጠየቁበትም። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካላገኙ ጉዳዩን ወደ ሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚወስዱ አስታውቀዋል። በእኔ እይታ ደብዳቤው ቁጣ ቢበዛበትም ቀኑም ደረሰኙም ይገጥማል፤ የራሳችን ሰው ፈርሞበት ሳለ የምንከራከርበት ቀዳዳ አይታየኝም። ውሳኔዎ እስኪታወቅ ድረስ የዋስትና ክፍሉ ስለ ክፍያ ዳግም እንዳይደውልላቸው ቢታዘዝ፣ ሞዴሉ መጋዘን ውስጥ መኖሩም ዛሬውኑ ቢጣራ ጥሩ ነው።