የሳምንቱ የምግብ እቅድ፦ ለጀሞው ስቱዲዮ

ማሙሽዬ፣ ይህን ወረቀት ፍሪጁ በር ላይ ለጥፈው። ለሦስታችሁም ነው የጻፍኩት። ቤታችሁን ሳየው ያለው አንድ ምድጃ፣ ሁለት ድስት፣ አንድ መጥበሻና ያቺ ትንሽ ፍሪጅ ነው። በዚያ የማይሠራ ነገር አላስገባሁም።

ሻይ በዳቦ ጠዋት፣ ሻይ በዳቦ ማታ የሚለውን ነገር ተዉት። እኔ ሁለተኛ ዓመት ላይ እንደዚያ ኖሬ ደም ማነስ ያዘኝ። ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ይጨልም ነበር። እናንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

መዋጮ። በሰው 1,200 ብር፣ ቅዳሜ ማታ። ገንዘቡ አንድ ሰው እጅ ይሁን። በርበሬ፣ ሽሮና በሶ እማዬ ልካለች። ዘይት በወር አንዴ ከሸማቾች ግዙ፤ ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው።

ግዢ፣ እሁድ ጠዋት። ወደ እሁድ ገበያ ሂዱ። ቀይ ሽንኩርት 3 ኪሎ፣ ቲማቲም 2፣ ድንች 2፣ ካሮት 1፣ ቀይ ስር ግማሽ ኪሎ፣ አንድ ጥቅል ጎመን፣ ሁለት እስር ሐበሻ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ሙዝ። ምስር ክክ 1 ኪሎ፣ ድፍን ምስርና አተር ክክ ግማሽ ግማሽ ኪሎ፣ ሩዝና ቂንጬ ኪሎ ኪሎ፣ አንድ ፓስታ፣ ትንሽ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ 10 እንቁላል። እንጀራ እስከ ረቡዕ የሚበቃችሁን ብቻ ግዙ፤ የቀረውን ረቡዕ። ሁሉንም አንዴ ከገዛችሁት ይሻግታል።

ቁሌት፣ እሁድ ከሰዓት። የሳምንቱ ትልቁ ሥራ ይኼ ነው። 2 ኪሎ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ክተፉ። ሦስት ስለሆናችሁ ቶሎ ያልቃል። ድስቱ ላይ ያለ ዘይት ጣዱት፤ መጀመሪያ የራሱን ውኃ ይጨርስ። እስኪጠወልግና ቡናማ መልክ እስኪይዝ አማስሉት። ከዚያ ዘይት፣ ቀጥሎ በርበሬ። በርበሬው ሊይዝ ሲል ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውኃ ስጡት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ያልበሰለ በርበሬ ሆድ ያቃጥላል። ነጭ ሽንኩርት ጨምራችሁ አውጡት፤ ሲበርድ ክዳን ባላቸው ሦስት ዕቃዎች አካፍሉትና ፍሪጅ አስገቡ። ከዚህ በኋላ ደክሟችሁ ብትገቡም እራት ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። መብራት ረጅም ሰዓት ከጠፋ ግን ቁሌቱን በዚያው ቀን ተጠቀሙበት፤ አታሳድሩት።

እሁድ እራት። ድስቱ ግርጌ የቀረውን ቁሌት አትጠቡት። ቲማቲም ጨምሩበትና 4 እንቁላል ስልስ ሥሩ። ከመተኛታችሁ በፊት በአንደኛው ዕቃ ቁሌት ምስር ወጥ ሥሩ፤ ለሁለት ቀን ምሳ ይሁን።

ሰኞ። ቁርስ ቂንጬ። ምሳ ዕቃችሁ ውስጥ ምስርና ጥቅል ጎመን። እራት ፓስታ በቲማቲምና በካሮት።

ማክሰኞ። ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ፣ ሙዝ። ምሳ የተረፈው ምስር። እራት ሽሮ በሁለተኛው ዕቃ፣ ጎን ለጎን ሐበሻ ጎመን። ሽሮውን ለነገ ምሳ እንዲተርፍ አብዙት።

ረቡዕ። በሶ በጥብጡ፤ ጾመኛው ልጅ የሱን ከሰዓት ይጠጣዋል። እሱ ስላለ ረቡዕና አርብ ሙሉ ጾም አድርጌዋለሁ፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ማብሰል ብክነት ነው። ምሳ ሽሮ። እራት ድንች ወጥ በሦስተኛው ዕቃ።

ሐሙስ። የደረቀ እንጀራ አትጣሉ፣ ለቁርስ ፍርፍር ሥሩት። ምሳ ድንች ወጥ። እራት ሩዝ፣ ሁለት ሁለት ቅቅል እንቁላል፣ የቲማቲም ሰላጣ። ማታ ድፍን ምስሩን ቀቅሉ።

አርብ። በሶ። ምሳ አዚፋ፦ የተቀቀለውን ምስር በሎሚ፣ በቃሪያና በጥሬ ሽንኩርት ለውሱት። ቀዝቅዞ ስለሚበላ ለምሳ ዕቃ ይመቻል። ሎሚውን አታስቀሩ፤ ምስሩ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነት እንዲገባ የሚያግዘው እሱ ነው። ሻይ ደግሞ ብረቱን ስለሚይዘው ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ጠጡ። እራት ክክ አልጫ ከቀይ ስር ጋር።

ቅዳሜ። ቂንጬ፣ ምሳ የተረፈው ክክ። እራት ቅርጫቱ ውስጥ ከቀረው አትክልት ጋር ሩዝ።

ሥጋ የለም ብለህ እንዳትነጫነጭብኝ። ምስርና ክክ ከእንጀራ ጋር ሲበሉ ሰውነት ይገነባሉ። ሒሳቡ ከተረፈ በወሩ መጨረሻ ግማሽ ኪሎ ግዙ።

ያበሰለ ዕቃ አያጥብም። ቀኑን ተራ ተራ ያዙ፣ የመጀመሪያውን ሰኞ አንተ ጀምር። እሁድ ቁሌቱ ላይ ግራ ከገባህ ድስቱ እሳት ላይ እያለ ደውልልኝ።

እህትህ