ስለ ቅዳሜው ምዘናና ስለ መጀመሪያው ወር

ወ/ሮ ሰሚራ፣ እንደምን ሰነበቱ?

በስልክ ተቻኩለን ስለነበር የቀረውን ልጻፍልዎ። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጂም እንገናኝ። የዚያን ቀን ስፖርት የለም፤ ምዘና ብቻ ነው። ቢበዛ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

መጀመሪያ ደም ግፊትዎን እለካለሁ። አደራ፣ ቡና ሳይጠጡ ይምጡ! ለጅማ ሰው ይህን ማለት ድፍረት ነው፤ ግን ቡና ልኬቱን ከፍ ያደርገዋል። ስንጨርስ ይጠጣሉ። የግፊት መድኃኒትዎን ግን እንደ ወትሮው ይውሰዱ። ድንገት 180 በ110 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ሳያይዎት አንጀምርም።

ክብደትና የወገብ ዙሪያ ቶሎ ያልቃል። ከዚያ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ስንቴ ከወንበር እንደሚነሱ እቆጥራለሁ። 6 ደቂቃም ይራመዳሉ። እኔ በጣም የማየው ግን ግራ ጉልበትዎን ነው። ደረጃ ሲወርዱ ያመኛል ብለውኛል። ሲነሱና ሲቀመጡ ጉልበትዎ ወደ ውስጥ የሚያጋድል ከሆነ የዳሌ ጡንቻ ላይ ቀድመን እንሠራለን። ስኳት ይቆያል።

አሁን ወደ ግቡ። «በሦስት ወር 10 ኪሎ» ብለዋል። እውነቱን ልንገርዎ፣ በመጀመሪያው ወር ስለ ኪሎ ባናወራ ይሻለናል። ሚዛን በውኃም በጨውም ይወጣል ይወርዳል፤ ሰው ደግሞ ቁጥሩ እንቢ ሲለው ጂም መምጣቱን ይተዋል። የወሩ ግባችን ሁለት ይሁን፦ ቀጠሮ አለመቅረት፣ እና ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን የጅሬን ዳገት ካሁኑ ባነሰ እረፍት መውጣት። ቤተሰብ ይዘው ሲወጡ መንገድ ላይ ቁጭ ማለትዎ እንዳናደድዎ ሲነግሩኝ ነው ይሄ የታየኝ።

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሱቅ ከመክፈትዎ በፊት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ 45 ደቂቃ እንሠራለን። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንቅስቃሴውን እንማራለን፤ ቀላል ክብደት፣ ከ10 እስከ 12 ድግግሞሽ፣ ሁለት ዙር። ሰውነትዎ ይተሳሰራል፤ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወዲያው ይንገሩኝ። በሦስተኛው ሳምንት ሦስት ዙር እናደርጋለን። በአራተኛው ቀለል አድርገን የወንበሩንና የእርምጃውን ምዘና እንደግማለን።

በሌሎቹ ቀናት 20 ደቂቃ ይራመዱ፤ ማውራት የሚያስችል፣ መዝፈን የማያስችል ፍጥነት ይበቃል። ባጃጅ አንድ ፌርማታ ቀድመው ቢወርዱ እንኳ ይቆጠራል። ዝናብ ከሆነ ሱቅ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለትም ያው ነው። ምግብ ላይ አሁን ምንም አይቀንሱ፤ የቡናውን ስኳር ብቻ ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ እናውርደው።

ቱታና ሶሉ ያላለቀ ስኒከር ይበቃል፤ አዲስ አይግዙ። መምጣት ካልቻሉ ማታውኑ ይደውሉልኝ።

አክባሪዎ
አሰልጣኝ ቢኒያም